የሰላም ጥሪ ደብዳቤ
በቺካጎ ስለ ተደረገው የሃይማኖቶች ጉባኤ

ሰዎችን ወደ ጉባኤ መጥራት ለሚመለከተው ሁሉ ቀላል ሥራ ይመስላል። ነገር ግን የጉባኤው ዕድል ብዙ ጊዜ የሚወሰነው አዳራሹ ከመከፈቱ በፊት፥ የጥሪው ቃል በሚጻፍበት ሰዓት ነው። ንጉሥ ቆስጠንጢኖስ በ325 ዓመተ ምሕረት ኤጲስ ቆጶሳትን ወደ ኒቅያ በጠራ ጊዜ፥ የተጠሩት ሁሉ በአንድ ወንጌል የሚያምኑ፥ በአንዲት ጥምቀት የተጠመቁ ስለ ነበሩ፥ በማን ስም እንጠራለን ብሎ የሚጨነቅ ጸሓፊ አላስፈለገም። ክርስቲያኑን፥ አይሁዳዊውን፥ እስላሙን፥ የሕንዱን ብራህማንና የጃፓኑን መነኩሴ በአንድ ወረቀት መጥራት ግን ሌላ ነገር ነው። የጠሪው ቃል አንዱን ደስ ቢያሰኝ ሌላውን ያስቀይማል፤ ሁሉን ደስ ላሰኝ ቢል ደግሞ ምንም ያልተናገረ ይሆናል። ይህንም ችግር ከሁሉ አስቀድሞ በሰፊው የቀመሰው በአሜሪካ አገር በቺካጎ ከተማ የተቋቋመው የአዘጋጆች ኮሚቴ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚነገሩት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የቺካጎ ከተማ ኮሎምቦስ አሜሪካን ያገኘበትን አራት መቶኛ ዓመት ምክንያት በማድረግ በ1893 ታላቅ የዓለም ኤግዚቢሲዮን አዘጋጅታ ነበር። ከየአገሩ መኪናና ጨርቅ፥ እህልና ብረት መጥቶ ሊታይ ሲታሰብ፥ ቻርልስ ቦኒ የተባለ የከተማው ሕግ ዐዋቂ የሰው እጅ ሥራ ብቻ ሳይሆን የሰው አሳብም ይታይ ዘንድ ይገባል ብሎ አሳሰበ። ስለዚህ ከኤግዚቢሲዮኑ ጋር ስለ ልዩ ልዩ ትምህርት የሚነጋገሩ ጉባኤዎች እንዲደረጉ ተቈረጠ፤ ከእነዚህም አንዱ የሃይማኖት ጉባኤ ነበረ። ለዚህ ጉባኤ የተቋቋመው ኮሚቴ ሊቀ መንበር የፕረስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን ቄስ ጆን ሄንሪ ባሮውስ ሆኑ። በአባልነትም የቺካጎ የካቶሊክ ሊቀ ጳጳስ ፓትሪክ ፊሃን፥ የአይሁድ ረቢ ኤሚል ሂርሽ፥ ከሌሎችም የክርስቲያን ወገኖች የመጡ ቀሳውስት ነበሩበት። ስለዚህ ኮሚቴው ደብዳቤውን ለሩቅ አገር ከመላኩ በፊት፥ በገዛ ጠረጴዛው ዙሪያ የተቀመጡት ሰዎች ሊፈርሙበት የሚችሉትን ቃል መፈለግ ግዴታው ሆነ።

ደብዳቤው በሰኔ ወር 1891 ታትሞ ከሦስት ሺሕ በላይ ቅጂ ወደ ብዙ አገር የሃይማኖት መሪዎችና ሊቃውንት ተላከ። ጉባኤው ሊሰበሰብ ሁለት ዓመት ከሦስት ወር ያህል ቀርቶት ነበር ማለት ነው። መርከብ ውቅያኖሱን ተሻግሮ፥ መልስ ተመልሶ፥ የተጠራው ሰው ከወገኖቹ ጋር መክሮ፥ ንግግሩን ጽፎና አስተርጕሞ እስኪነሣ ድረስ ይህ ጊዜ የበዛ አልነበረም። ደብዳቤው የተጠሪውን ገንዘብ ወይም ሹመት አልጠየቀም፤ የየሃይማኖቱን ሊቃውንት ስለ ሃይማኖታቸው ሙሉና ትክክለኛ ቃል እንዲሰጡ ለመነ እንጂ። ሃይማኖታቸው በመጽሐፍ፥ በጥበብ፥ በመንግሥትና በቤተ ሰብ ኑሮ ላይ ምን ፍሬ እንዳፈራም እንዲያስረዱ ፈለገ።

የደብዳቤው መሠረት ሁለት ቃል ነው፤ ሁለቱም ከግብረ ሐዋርያት የተወሰዱ ናቸው። መዠመሪያው እግዚአብሔር ራሱን ያለ ምስክር እንዳልተወ የሚናገረው ከምዕራፍ 14 ነው። ሁለተኛው ከምዕራፍ 10 የመጣ ሲሆን፥ እግዚአብሔር ለሰው ፊት እንደማያደላ፥ በሕዝብ ሁሉ መካከል እርሱን የሚፈራና ጽድቅን የሚያደርግ በርሱ ዘንድ የተወደደ እንደ ሆነ ይናገራል። ጸሓፊዎቹ እነዚህን ቃሎች የመረጡበት ምክንያት ግልጥ ነው። ክርስቲያኑ ሲያነባቸው የገዛ መጽሐፉን ያገኛል፤ ሌላው ሲያነባቸው ደግሞ በሩ ለርሱም እንደ ተከፈተ ያያል። ቅኔ ለተማረ ሰው ይህ አሠራር እንግዳ አይደለም፤ አንዱ ቃል ሁለት አድማጭ እንዲያስተናግድ ተደርጎ ተዋቅሯልና።

ነገር ግን ቃልን ከቦታው የሚያነሣ ሰው ከኋላው ያለውንም አብሮ ያነሣል። ቅዱስ ጳውሎስ የመዠመሪያውን ቃል የተናገረው በልስጥራን ነው፤ ሕዝቡ ጳውሎስንና በርናባስን አማልክት መስለዋቸው በሬ ሊሠዉላቸው በመጡ ጊዜ፥ ከዚህ ከንቱ ነገር ወደ ሕያው እግዚአብሔር ተመለሱ እያለ ሲያስተምራቸው ነበር። ቅዱስ ጴጥሮስም ሁለተኛውን ቃል በቆርኔሌዎስ ቤት ከተናገረ በኋላ ዝም አላለም፤ የክርስቶስን ሞትና ትንሣኤ ሰበከ፥ በመጨረሻም ቤተ ሰቡ ተጠመቀ። እንግዲህ በሁለቱም ስፍራ ቃሉ የስብከት መግቢያ ነው እንጂ የስብከት ፍጻሜ አይደለም። ደብዳቤው መግቢያውን ወስዶ ፍጻሜውን ስለ ተወው፥ አንባቢው ፍጻሜውን እንደ ልቡ ይሞላው ዘንድ ግድ ሆነ። አንዱ ሰሙን ሲይዝ የወንድማማችነት ጥሪ ነው አለ፤ ሌላው ወርቁን ሲፈልግ ሊሰብኩን ነው አለ፤ ሦስተኛውም ወንጌልን ከሌሎቹ ጋር ሊያስተካክሉት ነው ብሎ ተቈጣ።

አዘጋጆቹም ይህ እንደሚመጣ ሳያስቡ አልቀሩም። የጉባኤውን ዓላማ በዐሥር ክፍል ከፍለው ሲጽፉ፥ በሦስተኛው ላይ የወንድማማችነትን መንፈስ እያሳደጉ ሳለ ሃይማኖት ሁሉ አንድ ነው የሚል ግድየለሽነት እንዲስፋፋ እንደማይፈልጉ፥ በሥርዓትና በውጭ መልክ አንድ መሆንንም እንደማይሹ አስጠነቀቁ። በአራተኛው ላይ እያንዳንዱ ሃይማኖት ከሌላው የሚለይበትን እውነት ራሱ እንዲናገር አደረጉ። ዐሥረኛውና የመጨረሻው ዓላማ ደግሞ ሰላም ነው፤ ይኸውም የምድር ሕዝቦች በሚበልጥ ወዳጅነት ተቀራርበው በመንግሥታት መካከል የጸና ሰላም ይገኝ ዘንድ ተስፋ ማድረግ ነው። ሰላም በመጨረሻ መቀመጡ ልብ ሊባል ይገባል። ሰላም ከፊተኞቹ ዘጠኝ እንደ ፍሬ ይመጣል ተብሎ ተጠበቀ እንጂ፥ ስለ ጦር መሣሪያ ወይም ስለ ወሰን ክርክር አንድ ነገር እንዲወሰን የታቀደ አልነበረም።

መልሱ መምጣት በዠመረ ጊዜ ከሁሉ የከበደው እምቢታ ከካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ከኤድዋርድ ቤንሰን የተጻፈው ነው። እኒህ ሊቀ ጳጳስ ምክንያታቸው የመንገዱ ርቀት ወይም የጊዜ ማነስ አለመሆኑን ገልጠው ጻፉ። የክርስትና ሃይማኖት አንዱ ሃይማኖት እንደ ሆነ፥ ይህ ሃይማኖት በሃይማኖቶች ፓርላማ ውስጥ እንደ አንድ አባል ቢቈጠር የሌሎቹን አባሎች እኩልነት መቀበል እንደሚሆን አስረዱ። እንግዲህ ሊቀ ጳጳሱ የተሰናከሉት ከደብዳቤው ዐሥር ዓላማዎች በአንዱ ሳይሆን በጉባኤው ስም ነው። ፓርላማ በእንግሊዞች ዘንድ አባሎቹ ድምፅ የሚሰጡበት፥ አንዱ እንደ አንዱ የሚቈጠርበት የመንግሥት ምክር ቤት ነውና። በቺካጎ ግን አንዳች ድምፅ እንዲሰጥ አልታሰበም ነበር። ሦስተኛው ዓላማ በጥንቃቄ የዘጋውን በር ስሙ ከፈተው።

እምቢታው ከሩቅ ብቻ አልመጣም። ቄስ ባሮውስ አባል የነበሩበት የአሜሪካ የፕረስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን ጠቅላላ ጉባኤ በ1892 አሳቡን የሚነቅፍ ውሳኔ አሳለፈ። የቱርኩ ሱልጣን ዐብዱል ሐሚድም አልተቀበሉትም፤ በእስላሞች ዘንድ የኸሊፋነት ማዕረግ ስለ ነበራቸው እምቢታቸው የብዙዎችን እግር አሰረ። በጉባኤው ላይ ስለ እስልምና በስፋት የተናገረውም ከእስላም አገር የመጣ ሊቅ ሳይሆን፥ በማኒላ የአሜሪካ ቆንሲል ሆኖ ያገለገለና የሰለመ አሌክሳንደር ራስል ዌብ የሚባል አሜሪካዊ ነው። በሌላ በኩል ሁሉን ጠራን ያሉት አዘጋጆች በገዛ አገራቸው ያሉትን የሞርሞን ወገኖች ሳይጠሩ ቀሩ። ሞርሞኖቹ አቤት ባሉ ጊዜም ወኪላቸው በዋናው አዳራሽ ሳይሆን በጐን ክፍል እንዲናገር ተፈቀደለት፤ እርሱም ይህን ንቀት ብሎ ተወው። የጥሪ ደብዳቤ እውነተኛ ልክ የሚታየው በሚጠራቸው ብቻ ሳይሆን በሚዘላቸውም ነው።

ጥሪውን የተቀበሉትም ቢሆኑ መንገዳቸው ቀና አልነበረም። ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረው በሕንድ አገር የጃይን ሃይማኖት ወገኖች ያደረጉት ነው። ደብዳቤው የደረሰው አትማራምጂ ለሚባሉ ለታወቁ መነኩሴ ነበር። የጃይን መነኩሴ ግን ሕያው ነገርን ላለመጉዳት ሲል በእግሩ ብቻ ይሄዳል፤ በሰረገላም ሆነ በመርከብ መሳፈር በሥርዓቱ የተከለከለ ነው። እንግዲህ አትማራምጂ ጥሪውን ቢቀበሉ ሊመሰክሩለት የሚሄዱትን ሥርዓት በመንገድ ላይ ሊያፈርሱት ነው፤ ቢተዉት ደግሞ ስለ ሃይማኖታቸው የሚናገር አይኖርም። እርሳቸውም ከሁለቱ መካከለኛውን መንገድ መረጡ። ቪርቻንድ ጋንዲ የተባለ፥ የጃይን ማኅበር ጸሓፊ የነበረ ሕግ ዐዋቂ ወጣት አስጠርተው የሃይማኖቱን ትምህርት አስጠኑት፤ ለጉባኤው የሚሆን የጥያቄና መልስ ጽሑፍም አዘጋጁለት። ጋንዲ መነኩሴ ስላልነበረ መርከብ ቢሳፈር ሥርዓት አላፈረሰም። ባሕር ማዶ መሻገር ያረክሳል የሚሉ የገዛ ወገኖቹ ግን ነቀፉት፤ እርሱም የወገኖቹን የምግብ ሕግ እየጠበቀ ተጓዘ። በዚህ ዓይነት ጥሪው ለተጻፈለት ሰው ሳይሆን ለደቀ መዝሙሩ ደረሰ፤ ሥርዓቱም ሳይፈርስ ምስክርነቱ ተሰጠ።

የሕንድ ሃይማኖት ደግሞ ለደብዳቤ ጸሓፊዎች ሌላ ችግር ነበረው፤ እንደ ሮም ፓፓ ያለ ለሁሉ የሚመልስ አንድ አለቃ የለውምና። ስለዚህ ከሁሉ የበለጠ ዝና ያገኘው እንግዳ ያልተጠራ ሰው ሆነ። ስዋሚ ቪቬካናንዳ በ1893 ክረምት ቺካጎ በደረሰ ጊዜ በእጁ የወኪልነት ወረቀት አልነበረውም፤ የመመዝገቢያው ጊዜም አልፎ ነበር። ጆን ራይት የሚባል በሃርቫርድ ትምህርት ቤት የግሪክ ቋንቋ መምህር የሆነ ሰው ለአዘጋጆቹ ደብዳቤ ጽፎለት ነው የገባው።

የጃፓን መልስ ደግሞ በልዩ ነገር ይታያል። የቡድሃ ሃይማኖት ወገኖች የጋራ ማኅበር ወኪል ለመላክ አልፈቀደም፤ የሄዱት ሁሉ በገዛ ስማቸው ሄዱ። በካማኩራ ያለው የኤንጋኩጂ ገዳም አበምኔት ሻኩ ሶየን ጥሪውን ሲቀበሉ ደቀ መዛሙርታቸው እንዳይሄዱ ለመኑዋቸው፤ በዘን ገዳም ላደገ መነኩሴ ወደ እንዲህ ያለ አገር መሄድ አይገባውም አሉ። አበምኔቱ ግን አልተመለሱም። የመልሱን ደብዳቤ ወደ እንግሊዝኛ የተረጐመላቸው ወጣት ደቀ መዝሙራቸው ሱዙኪ ነበረ፤ እርሱም በኋላ የዘንን ትምህርት ለአውሮፓና ለአሜሪካ አንባቢዎች በማስተዋወቅ ስመ ጥር ሆነ።

ጉባኤው ከመስከረም 11 እስከ መስከረም 27 ቀን 1893 ድረስ ዐሥራ ሰባት ቀን ተደረገ። የመጣው ሁሉ የራሱን ሃይማኖት እንዲናገር እንጂ የሌላውን እንዳያጠቃ፥ ክርክርም እንዳይነሣ ሥርዓት ተሠርቶ ነበር። ሥርዓቱ ግን ሁልጊዜ አልተጠበቀም። አንድ ሰባኪ በሕንድ ቤተ ጣዖት የሚያገለግሉትን ሴቶች አንሥቶ የሚነቅፍ ቃል በተናገረ ጊዜ፥ መልስ የሰጠው የራሱ ሃይማኖት ያልተነካበት ቪርቻንድ ጋንዲ ነበረ። ክርክርን የሚከለክል ሥርዓት የተነቀፈውን ሰው ካልጠበቀው፥ ዝምታን የሚያዝዘው በተነቀፈው ላይ ብቻ ይሆናል፤ የጋንዲም መልስ ይህን ጉድለት ገለጠው።

የሰላም ነገር በእውነት የተነሣበት ሰዓትም አዘጋጆቹ ባላሰቡት በኩል መጣ። ሂራይ ኪንዞ የተባለ ጃፓናዊ ተነሥቶ ስለ ሃይማኖት ምሥጢር ሳይሆን ስለ ውል ተናገረ። የክርስቲያን መንግሥታት ከ1858 ዠምሮ በጃፓን ላይ ያደረጉት ውል የውጭ አገር ሰዎችን ከጃፓን ዳኝነት የሚያወጣ፥ የጉምሩክንም ቀረጥ ከጃፓን እጅ የሚነጥቅ መሆኑን አስረዳ። ወገኖቹ በአሜሪካ ምድር እንዴት እንደሚናቁም ቈጠረ፤ ክርስትና ይህ ከሆነ አንፈልገውም አለ። አዳራሹን የሞላው አብዛኛው ክርስቲያን የሆነ ሕዝብ ግን አልተቈጣም፤ ነውር ነው፥ ነውር ነው እያለ በገዛ መንግሥታቱ ሥራ አፈረ፥ ለተናጋሪውም አጨበጨበ። በሌላ ቀን ደግሞ ከግሪክ አገር የመጡት ኦርቶዶክሳዊ የዛንቴ ሊቀ ጳጳስ ዲዮናስዮስ ላታስ ተነሥተው፥ አይሁድ ለሥርዓታቸው የክርስቲያን ሕፃን ደም ያፈስሳሉ የሚለው ወሬ ሐሰት መሆኑን በጉባኤው ፊት መሰከሩ። ይህ ወሬ በብዙ አገር በአይሁድ ላይ ግድያ ሲያስነሣ የኖረ ነው። በነዚህ በሁለቱ ንግግሮች ማንም ሃይማኖቱን አልለወጠም፤ ሃይማኖቴ ከሌላው ጋር እኩል ነው ያለም አልነበረም። ሂራይ በደልን በስሙ ጠራ፤ ላታስም ሐሰትን ሐሰት አሉ። ዐሥረኛው ዓላማ ወደ ፍሬው ቀርቦ የታየው በዚህ ነው።

ወሰኑም የታየው ከዚያው ጉባኤ በወጣ ሰው ነው። አበምኔቱ ሻኩ ሶየን በቺካጎ ካቀረቡዋቸው ንግግሮች አንዱ በጦርነት ፈንታ በሽማግሌ ዳኝነት መታረቅ እንደሚገባ የሚያስረዳ ነበረ። ዐሥራ አንድ ዓመት ካለፈ በኋላ በ1904 ጃፓንና ሩስያ ጦርነት ገጠሙ። ያን ጊዜ የሩስያው ጸሓፊ ቶልስቶይ ከጃፓን ወገን አብሮት ጦርነቱን የሚያወግዝ ሰው ሲፈልግ ለሻኩ ሶየን ጻፈላቸው። ይህም የሰላም ጥሪ ደብዳቤ ነበረ፤ ነገር ግን በሦስት ሺሕ ቅጂ ሳይሆን ለአንድ ሰው የተላከ፥ አዳራሽና ጭብጨባ የሌለው፥ የሚያስከፍለውም ዋጋ ከገዛ መንግሥት ጋር መጣላት ነበር። አበምኔቱ እምቢ አሉ። ቡድሃ መግደልን ቢከለክልም ሕያዋን ሁሉ በስምምነት እስኪኖሩ ድረስ ጦርነት አስፈላጊ እንደሚሆን መለሱ፤ እርሳቸውም የሠራዊቱ ካህን ሆነው ወደ ጦር ሜዳ ሄዱ። ይህን የሚያነብ ሰው አንድን መነኩሴ ብቻ ለመውቀስ አይቸኩል፤ በ1914 በተነሣው ታላቅ ጦርነት የአውሮፓ አብያተ ክርስቲያናት እያንዳንዳቸው የየመንግሥታቸውን ጦር ባርከዋልና።

ከቺካጎ በኋላ ጠሪዎችና ተጠሪዎች የቃሉን ነገር ይበልጥ መመርመር ዠመሩ። ካቶሊኮች በጉባኤው ተካፍለው ሳለ፥ የሮም ፓፓ ሊዮን 13ኛ በ1895 በጻፉት ደብዳቤ ካቶሊኮች ከሌሎች ጋር ተደባልቀው እንዲህ ያለ ጉባኤ ከማድረግ ይልቅ ለብቻቸው ቢያደርጉት እንደሚሻል አሳሰቡ። ወደ መቶ ዓመት ገደማ ካለፈ በኋላ ደግሞ ፓፓ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ የየሃይማኖቱን መሪዎች ስለ ሰላም ይጸልዩ ዘንድ በጥቅምት 27 ቀን 1986 ወደ አሲዚ ከተማ ጠሩ። የዚያ ጥሪ ቃል የቤንሰንን ተቃውሞ አስቀድሞ የመለሰ ነው፤ የተጠሩት ለመጸለይ በአንድነት ይሆናሉ እንጂ በአንድነት አይጸልዩም ተብሎ ተለይቶ ተነገረ። በተግባርም እያንዳንዱ ወገን በተለየለት ስፍራ እንደ ሥርዓቱ ጸለየ፤ ከዚያ በኋላ ሁሉም በአንድ ስፍራ ተሰበሰቡ። በዚያ ቀን የሚዋጉ ሁሉ መሣሪያቸውን እንዲያስቀምጡም ተለምነው ነበር። በቺካጎ አንድ አሻሚ ስም ያመጣውን እንቅፋት፥ በአሲዚ የቃል አቀማመጥ አራቀው።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ነገር ይህ ነው። የሃይማኖት ሰዎችን ስለ ሰላም የሚጠራ ደብዳቤ ከተጠሪው ሦስት ነገር አስቀድሞ ሊገልጥለት ይገባል፤ ይኸውም ሲመጣ ምን እንደማይጠየቅ፥ ሲነቀፍ ማን እንደሚጠብቀው፥ ሲመለስም ምን እንደሚጠበቅበት ነው። የቺካጎ ደብዳቤ መዠመሪያውን በሚገባ ጽፎ በጉባኤው ስም አበላሸው፤ ሁለተኛውን በሥርዓት ሠራው እንጂ በሥራ ሁልጊዜ አልጠበቀውም፤ ስለ ሦስተኛው ግን አንድ ቃል አልጻፈም። ተጠሪዎቹ ጦርነት በገዛ አገራቸው በተነሣ ጊዜ ምን እንደሚያደርጉ ሳይጠየቁ ተሰነባበቱ። ቶልስቶይ በ1904 የጠየቀው ግን ይህንኑ ያልተጻፈውን ዐሥራ አንደኛ ዓላማ ነበር።